ምዕራፍ አራት፦ ምጣዱ ሲለቀው

ቂጣ መገልበጥ የተማርኩት ሐይቅ ከተማ፣ አክስቴ ቤት ነው። ክረምት ነበር። ማገዶው እርጥብ ስለሆነ ጓዳው በጭስ ተሞልቷል፣ እኔም ዓይኔን እያሸሁ ምጣዱ ፊት ቁጭ ብያለሁ። የስንዴ ሊጡን ዘረጋሁት፤ ትንሽ ቆይቼ ዳሩን በጣቴ ቀስ ብዬ ሳነሳው ተቀደደ። ግማሹ በእጄ ቀረ፣ ግማሹ ምጣዱ ላይ እንደተለጠፈ ቀረ። አክስቴ ከበሩ በኩል አየችኝና፣ «ቆይ አንቺ ልጅ! ምጣዱ ገና ይዞታል እኮ። ሲለቀው ነው የሚገለበጠው» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ የአነጋገር ወግ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው ቃል በቃል እውነት መሆኑ የገባኝ። ጥሬ ሊጥ የጋለ ሸክላ ሲነካ ይጣበቃል። በደንብ ሲበስል ደግሞ ማንም ሳይነካው ከሸክላው ይላቀቃል። የቂጣ ጋጋሪ ሙያም በአብዛኛው ይህን ቅጽበት ማወቅ ነው። ቀድማ ከነካችው ይቀደዳል፣ ከዘገየች ደግሞ ይደርቅና እንደ ቁርበት ይጠነክራል። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ቅጽበት ነው፤ ከምን እንደሚመጣ፣ በምን እንደሚታወቅ፣ እሳቱ ምን ያህል ሲሆን በሰዓቱ እንደሚደርስ ያስረዳል።

እንጀራ የማይገለበጠው ለምንድን ነው?

አንድ ምጣድ ሁለቱንም ይጋግራል። ሆኖም ቂጣ ይገለበጣል፣ እንጀራ አይገለበጥም። ልዩነቱ የሚጀምረው ከሊጡ ነው።

የእንጀራ ሊጥ በእርሾ ለቀናት ይቦካል፣ በውስጡም አየር ይቋጥራል። ቀጭን ስለሆነ በጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ ያ አየርና ከታች የሚነሳው እንፋሎት ሊጡን እየበሱ ወደ ላይ ይወጣሉ። «ዓይን አወጣ» የምንለው ይህንኑ ነው። ዓይኑ ከወጣ በኋላ አክንባሎው ይከደናል፤ የታመቀው እንፋሎት የላይኛውን ፊት ያበስለዋል። የታችኛውን ምጣዱ፣ የላይኛውን እንፋሎቱ ስለሚያበስሉት መገልበጥ አያስፈልግም። ቢገለበጥ ዓይኑ ይደፈናል፣ ወጥ የሚይዘው ገጽም ይጠፋል።

ቂጣ እርሾ አያውቅም። መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ሲተረጎም ያልቦካ ኅብስት የሚበላበት በዓል «የቂጣ በዓል» የተባለውም ለዚህ ነው። ሊጡ አየር አልቋጠረም፣ ከእንጀራ ሊጥም ይወፍራል። ከታች የሚነሳው እንፋሎት ዓይን እያወጣ የሚያልፍበት መንገድ የለውም። ስለዚህ የላይኛው ፊት እንዲበስል ራሱ ምጣዱን መንካት አለበት። አንዳንዶች ቂጣውንም ለአንድ ደቂቃ ያህል ይከድኑታል። ይህ የላይኛውን ፊት በፍጥነት ያጠናዋል እንጂ መገልበጡን አያስቀርም፤ የተከደነ ቂጣ ላዩ ነጭና እርጥበት ያለው ሆኖ ይቀራልና።

የሸክላው ጠባይ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ሐይቅ ላይ የተሁለደሬ ወረዳን ከተማ እናገኛለን። ወደ ሰሜን ስንቀጥል ደግሞ ውጫሌን፣ የአምባሰል ወረዳን ከተማ። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት የገጠር ቤቶች ምጣድ ማለት የሸክላ ምጣድ ነው። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በሦስት ጉልቻ ላይ ወይም በጭቃ በተሠራ ምድጃ ላይ ይጣዳል።

ሸክላ ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከብረት በጣም ቀስ ብሎ ነው። ይህ ጠባዩ ለጋጋሪዋ ሁለት ውጤት አለው። አንደኛው መልካም ነው፦ ሊጡ ሲያርፍበት ሙቀቱን ባንድ ጊዜ አያፈስበትም። እኩል በጋለ ብረት ላይ ሊጡ ውስጡ ሳይበስል ታቹ ሲያር፣ በሸክላ ላይ ግን ታቹ ቀስ እያለ ቡናማ ይሆናል፣ ውስጡም ጊዜ ያገኛል። ሁለተኛው ውጤት ጥንቃቄ ይጠይቃል፦ እሳቱን ቆስቁሰን ወዲያው የምጣዱ ፊት ይግላል ብለን መጠበቅ አንችልም። ከሥር የገባው ሙቀት ላይ እስኪደርስ ደቂቃዎች ያልፋሉ። እሳቱን ስንቀንስም ምጣዱ እንደጋለ ይቆያል። ስለዚህ ልምድ ያላት ጋጋሪ እሳቷን የምታስተካክለው ምጣዱ ላይ ላለው ቂጣ ሳይሆን ቀጥሎ ለሚመጣው ነው።

ማገዶውም የራሱ ጠባይ አለው። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ቦግ ብሎ ይነድና ወዲያው ይጠፋል፤ የቀዘቀዘ ምጣድ ለመቀስቀስ ጥሩ ነው፣ ብቻውን ከሆነ ግን ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ኩበት ነበልባሉ ትንሽ ነው፣ ግን ረግቶና ተስተካክሎ ይቆያል። የማሽላ አገዳ በሁለቱ መካከል ነው። አክስቴ ለቂጣ ሥሩን ኩበት አድርጋ፣ ምጣዱ በረድ ሲልባት ብቻ አንድ እፍኝ ቅጠል ከዳር ታስገባለች። ቅጠሉን መሐል አትጥለውም፤ መሐሉ አስቀድሞ የጋለ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ነበልባሉ መሐሉን ስለሚመታ የምጣዱ ዳር ሁልጊዜ ወደኋላ ይቀራል፣ ማገዶው ወደ ዳር መገፋቱም ይህን ለማካካስ ነው።

አዲስ ምጣድ ከገበያ እንደመጣ አይጋገርበትም፤ መሟሸት አለበት። ሸክላው ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፣ ሊጥ እዚያ ውስጥ ከገባ ምንም ያህል ብንታገሥ አይለቅም። ለማሟሸት ምጣዱን ቀስ ብሎ እያሞቁ የተወቀጠ ጎመን ዘር ደጋግሞ ማሸት ነው። ዘይቱ በቀዳዳዎቹ ገብቶ በሙቀቱ ይደርቃል፣ ፊቱንም ጥቁርና ልሙጥ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ በየጋገራው መሐል በጨርቅ በተቋጠረ ጎመን ዘር ስስ አድርጎ ማሰስ ይበቃል። ማሰሻው ቂጣውን የሚጠብስ ዘይት አይደለም፤ ሥራው በሊጡና በሸክላው መካከል ስስ መለያ መሆን ብቻ ነው። ሲበዛ ሊጡ በምጣዱ ላይ እየተንሸራተተ አልዘረጋ ይላል።

ሙቀቱ ስንት ነው?

ለቀጭን ቂጣ የምጣዱ ፊት ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲሆን ጥሩ ነው። ግን ቴርሞሜትር ይዞ ቂጣ የሚጋግር ሰው የለም፣ ስለዚህ መለኪያው ሌላ መሆን አለበት።

ብዙ ሰው ውሃ ጠብ አድርጎ ያያል። ጭስ ካለ ምጣዱ ጋለ ይላል። ይህ መለኪያ የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚያ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ገደማ ነው። ጠብታው ጭስ ማለቱ የምጣዱ ፊት ከ93 በላይ መሆኑን ብቻ ይናገራል፤ 120 ይሁን 200 አይለይም። በብረት መጥበሻ ላይ ጠብታው እየተንከባለለ ሲዘል ብረቱ እጅግ መጋሉ ይታወቃል፣ ሸክላ ግን ውሃውን ስለሚመጥ ያ ምልክት አይታመንበትም። ከዚህም ሌላ በጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጣል ምጣድ ይሰነጥቃል። «ለምጣዷ ሲባል አይጧ ትለፍ» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ምጣድ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚሰበር ያውቃል።

ይልቅ ዱቄት ይሻላል። ከምትጋግሪው ዱቄት አንድ ቁንጥር ወስደሽ ከምጣዱ መሐል በትኚና ቀስ ብለሽ ቁጠሪ። እስከ አሥር አካባቢ ስትደርሺ ዱቄቱ ወርቅማ ቡናማ ከሆነ ምጣዱ ደርሷል። እንደወደቀ ጠቁሮ ከጨሰ በጣም ግሏል፤ ማገዶውን ወደ ውጭ ጎትተሽ ጥቂት ጠብቂ። ሃያ ቆጥረሽም ነጭ ሆኖ ከተቀመጠ ገና ነው። ከዚያ ያንኑ ከዳር አካባቢ ድገሚው። የመሐሉ ቡናማ ሆኖ የዳሩ ነጭ ከቀረ እሳትሽን ወደ ዳር አሰራጪ። ሲያልቅ ዱቄቱን በማሰሻው ጥረጊው፣ ካልተጠረገ ከመጀመሪያው ቂጣ ሥር ተጣብቆ ያራል።

ዱቄት ከውሃ የተሻለ መስካሪ የሆነው ምክንያቱ ቀላል ነው። ዱቄት የሚጠይመው የቂጣ ፊት በሚጠይምበት ሂደትና ሙቀት ነው፣ ከ140 ዲግሪ በላይ። ይህ ሙቀት ከፍታ ላይ ብንወጣ አይለወጥም። ከሐይቅ ወደ አምባሰል ደጋ ሲወጣ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትሩ በ1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ዱቄቱ የሚጠይምበት ግን እዚያም ያው ነው።

ደጋ ላይ ባቄላና ሽንብራ ለመብሰል ብዙ ጊዜ መውሰዳቸውን ያየ ሰው ቂጣም እንደዚያው ይዘገያል ብሎ ሊያስብ ይችላል። አይዘገይም። የስንዴ ስታርች ከ60 እስከ 65 ዲግሪ አካባቢ ማበጥና መያያዝ ይጀምራል፣ የጤፍም ከ80 ሳይዘል ይደርሳል። ውሃ በ90 ዲግሪ በሚፈላበት 3000 ሜትር ላይ እንኳ የቂጣው ውስጥ በቂ ሙቀት ያገኛል። ደጋ ላይ የሚለወጠው ሌላ ነገር ነው፦ እርጥበቱ ቶሎ ይወጣል። ስለዚህ እዚያ ሊጡን በትንሽ ውሃ ላላ ማድረግና ቂጣው እንደወጣ በጨርቅ መሸፈን ይጠቅማል።

ሊጡና መዘርጋቱ

ለአንድ ቂጣ፣ ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን፣ 200 ግራም ገደማ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ብርጭቆ የሚሞላ ውሃ (220 ሚሊ ሊትር አካባቢ)ና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ሊጡ ከእንጀራ ሊጥ የወፈረ፣ ከዳቦ ሊጥ የቀጠነ ነው። በእጅ ሲያነሱት ከጣት መሐል ቀስ እያለ ይወርዳል። ከተለወሰ በኋላ ለ20 ደቂቃ ያህል ይተዋል፤ ዱቄቱ ውሃውን ይጠጣል፣ ጓጓላውም ይፈታል። ሳያርፍ የተጋገረ ሊጥ ምጣዱ ላይ ሆኖ ገና ውሃ ስለሚጠጣ ደረቅ ነጥብ ነጥብ ይሠራል።

ምጣዱ ታስሶ ሲደርስ ሊጡን መሐል አድርጎ፣ እጅን በውሃ እያራሱ ከመሐል ወደ ዳር መግፋት ነው። ዓላማው 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ በሁሉም ቦታ እኩል ውፍረት ነው። መዘርጋቱ ራሱ የሙቀት ምርመራ ነው። ሊጡ እጅን ተከትሎ የሚነሳ፣ የማይዘረጋ ከሆነ ምጣዱ እጅግ ግሏል፤ ታቹ ገና ሲነካው ተይዟል። ተዘርግቶ ካለቀ በኋላም ምንም ድምፅ ካላሰማና እንደ ወጥ ተንጣልሎ ከተቀመጠ ምጣዱ ቀዝቅዟል። ትክክለኛው ምጣድ ላይ ሊጡ ያለ ማቋረጥ ስስ የሆነ ጭስታ ያሰማል፣ ለእጅም ይታዘዛል።

የመልቀቅ ምልክቶች

አሁን ወደ አክስቴ ቃል እንመለስ። ሊጡ ምጣዱ ላይ ሲያርፍ ታቹ ላይ ያለው ስታርች ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ እንደ ሙጫም ይሆናል። ይህ ሙጫ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሸክላውን ይይዛል። ውሃ እስካለበት ድረስም የሊጡ ሙቀት ከ93 ብዙም አይዘልም፣ ውሃው እየፈላ ሙቀቱን ይዞ ይወጣልና። ከታች ያለችው ስስ ንጣፍ ውሃዋን ስትጨርስ ግን ሙቀቷ በፍጥነት ይጨምራል፣ ትደርቃለች፣ ትጠነክራለች፣ ትንሽም ትሸበሸባለች። ደረቅ ቅርፊት ደግሞ ሙጫ አይደለም፤ ሲሸበሸብ ከሸክላው ይላቀቃል፣ ከሥሩ የሚወጣው እንፋሎትም እየገፋ ያግዘዋል። «ምጣዱ ለቀቀው» ማለት ይህ ነው።

ይህን ከሥር ስለማናይ ከላይ በሚታይ፣ በሚሰማና በሚሸት ነገር እናውቀዋለን። መጀመሪያ የሚለወጠው ፊቱ ነው። እርጥብ ሊጥ ያብለጨልጫል፤ መብሰል ሲጀምር ብልጭታው ከዳር ወደ መሐል እየጠፋ ይሄዳል፣ ፊቱ ፈዘዝ ይላል። መሐሉ ላይ እርጥብ ብልጭታ እስከቀረ ድረስ መገልበጥ የለበትም። ሲገለበጥ ያ እርጥብ ቦታ ምጣዱን ይዞ አዲስ ሙጫ ይሠራል፣ ከታች የለቀቀው ቂጣም ከላይ ይቀደዳል።

ቀጥሎ ድምፁ ይለወጣል። መጀመሪያ ላይ ያለማቋረጥ የነበረው ጭስታ እየሳሳና እየተቆራረጠ ይሄዳል፤ ውሃው እየቀነሰ ነው ማለት ነው። ሽታውም አብሮ ይሄዳል። ከጥሬ ዱቄት ሽታ ወደ ተቆላ እህል ሽታ፣ ቆሎ ሲቆላ እንደሚሸተው ያለ፣ ይሸጋገራል። ዓይኗ የደከመ እናት ቂጣ ሲደርስ በጠረኑ ብቻ የምታውቀው ስለዚህ ነው፤ የቆሎው ሽታ የታቹ ቅርፊት ከ140 ዲግሪ ማለፉን ይነግራታል።

ሦስተኛው ዳሩ ነው። ዳሩ ስስ ስለሆነ ቀድሞ ይደርቃል፣ ከምጣዱም ትንሽ ብድግ ይላል። ይህ ምልክት ብቻውን ያታልላል፤ ዳሩ ሲነሳ መሐሉ ገና ሊሆን ይችላል። እኔ ያን ቀን የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ዳሩ ሲነሳ አየሁና መሐሉን ሳላይ ጎተትኩት።

ስለዚህ የመጨረሻ ፍርድ የሚሰጠው አራተኛው ምልክት ነው። ሁለት እጅን ከዳሩ ላይ አድርጎ ቂጣውን በስሱ ወደ ጎን መግፋት። ሙሉ በሙሉ ባንድ ላይ ከተንቀሳቀሰ፣ እንደ ሰሌን ከሄደ፣ ምጣዱ ለቆታል። ዳሩ ሄዶ መሐሉ ከቆመ መሐሉ ገና ተይዟል፤ ግማሽ ደቂቃ ይጠበቅ። በትክክለኛ ሙቀት ይህ ሁሉ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ ግን ሰዓቱን ሳይሆን ቂጣውን መከተል ይሻላል። የማገዶው እርጥበት፣ የሊጡ ውፍረትና የምጣዱ ዕድሜ ሁሉ ሰዓቱን ይለዋውጡታል፣ መልቀቁን ግን አይለውጡም።

ሁለተኛው ፊት

ቂጣው ሲንሸራተት ሰፌዱን ወደ ምጣዱ ዳር አስጠግቶ በላዩ ላይ መጎተት፣ ከዚያ ሰፌዱን አንስቶ ቂጣውን በፊቱ ወደ ምጣዱ መገልበጥ ነው። ትንንሽ ቂጣዎችን ብዙ ሴቶች በእጃቸው ይገለብጧቸዋል። 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን ግን በእጅ ማንሳት መሐሉን ያጥፈዋል። ከመመለሱ በፊት ምጣዱን አንድ ጊዜ ማሰስ ይገባል፤ የመጀመሪያው ፊት ማሰሻውን ይዞት ሄዷልና።

ሁለተኛው ፊት ከመጀመሪያው በግማሽ ያህል ጊዜ ይበስላል። ውሃው አብዛኛው ወጥቷል፣ ስታርቹም ቀድሞ ተያይዟል። የቀረው ነገር ፊቱን ማድረቅና ቡናማ ነጠብጣብ ማውጣት ነው። እዚህ ላይ ቂጣው እዚያም እዚህም ያብጣል። የተረፈው እንፋሎት በሁለቱ ቅርፊቶች መካከል ሲታገድ ቦታ ቦታ ይነፋዋል። ይህ መልካም ምልክት ነው፤ ውስጡ ጥሬ አለመሆኑን ያሳያል። ያበጠውን ቦታ በተጠቀለለ ጨርቅ ቀስ ብሎ መጫን እንፋሎቱን ወደ ጎረቤት ቦታ ይልከዋል፣ ያልደረሰውንም ያበስለዋል። ሕንዶች ታዋ በሚሉት ምጣድ የሚጋግሩት ቻፓቲ እንደ ኳስ ሙሉ ለሙሉ የሚነፋው በዚሁ መንገድ ነው። ሊጡ የደረቀና በእኩል የተዳመጠ ስለሆነ እንፋሎቱ በሙሉ ባንድ ቦታ ይታሰራል። የእኛ ቂጣ ሊጥ የቀጠነ ስለሆነ ቦታ ቦታ ብቻ ይነፋል፣ ይህም ጉድለት አይደለም።

ቂጣው ሲወጣ ታቹን ማየት ልማድ ቢሆን መልካም ነው፤ የታቹ ፊት የእሳቱ ካርታ ነውና። ቡናማ ነጠብጣቡ በመላው እኩል ከተዘራ እሳቱ ተስተካክሏል። መሐሉ ጠቁሮ ዳሩ ነጭ ከሆነ ነበልባሉ መሐሉን ብቻ እየመታ ነው፣ ለሚቀጥለው ማገዶውን አሰራጪ። ጥቁር ነጥብ በዝቶ ቂጣውን ሲሰብሩት ውስጡ ሙጫ ከሆነ ምጣዱ በጣም ግሏል። ነጭ ሆኖ እንደ ቁርበት ከተጎተተ ደግሞ ምጣዱ ቀዝቅዞ ነበር፤ ቂጣው ከመጠየሙ በፊት ብዙ ደቂቃ ቆይቶ ደርቋል። የመጀመሪያው ቂጣ ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ይሆናል፤ የምጣዱን ነገር የሚናገር መርማሪ ነው እንጂ የሚያሳፍር አይደለም።

ማሽላው ሲሆን

ከሐይቅ ዝቅ ባለው፣ ወደ አምባሰል ቆላ በሚወርደው አገር የሚበዛው ማሽላ ነው። የማሽላ ቂጣ በስንዴው መንገድ ከተሞከረ በመገልበጥ ጊዜ ይሰባበራል። ስንዴ ሲለወስ የሚለጠጥ ክር የመሰለ ነገር ያበጃል፣ ቂጣውን አንድ ላይ የሚይዘው እርሱ ነው። ማሽላ ይህ የለውም፤ ጤፍም የለውም። የማሽላ ሊጥ በሙቀት ሳይያያዝ ምንም የሚይዘው ነገር ስለሌለ ምጣዱ ላይ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

መፍትሔው ዱቄቱን በሚፈላ ውሃ ማቡካት ነው። ውሃው ከስታርቹ የተወሰነውን ገና ከምጣዱ በፊት ያሳብጠዋል፣ ያም እንደ ሙጫ ሆኖ የቀረውን ዱቄት ያያይዛል። በማንኪያ ተማስሎ ለእጅ ሲመች በደንብ ይታሻል፤ ብዙ ታሽቶ ሲለሰልስ በመዳፍ መካከል ይዳመጣል። በሕንድ የማሽላ ቂጣ የሚጋግሩ ሴቶችም በዚሁ መንገድ፣ በሙቅ ውሃ ነው የሚያቦኩት፤ እህሉ አንድ ስለሆነ ችግሩም መፍትሔውም አንድ ሆነ።

የማሽላ ቂጣ ወፈር ይላል፣ ስለዚህ ምጣዱ ትንሽ በረድ ማለት አለበት፤ ዱቄቱ ቡናማ የሚሆነው እስከ አሥራ አምስት ሲቆጠር ይሁን። የመልቀቅ ምልክቱ ግን አንድ ነው። ዳሩ ላይ ስንጥቅ ሲታይ ለመገልበጥ መቸኮል የለበትም፤ ስንጥቁ ዳሩ መድረቁን ብቻ ነው የሚናገረው። ቂጣው ሙሉ ለሙሉ ሲንሸራተት ይገለበጣል።

ከተማ ሲደርስ

ዛሬ የምጋግረው አዲስ አበባ ላይ፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የእኔም ምጣድ እንደ አብዛኛው ፊቱ ሸክላ ነው፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከሥሩ በተዘረጋው ሽቦ ነው። ኩበትና ቅጠል የለም፣ ሙቀቱም ከመሐል እስከ ዳር የተሻለ እኩል ነው። ግን ሸክላ ስለሆነ እዚህም ዘግይቶ ይግላል፣ ዘግይቶ ይቀዘቅዛል። ሙቀት የሚመርጥ መዘውር የለውም፤ ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ለቂጣ ምጣዱ በደንብ ግሎ ዱቄቱ ቶሎ መጥቆር ሲጀምር አጠፋዋለሁ፣ ሁለት ቂጣ በተጠራቀመው ሙቀት ጋግሬ መልሼ አበራዋለሁ። አክስቴ ኩበቱን ወደ ውጭ በምትጎትትበት ጊዜ ነው እኔ ማጥፊያውን የምጫነው።

ባለፈው በዓል አክስቴ አዲስ አበባ መጥታ ነበር። ምጣዱን አየችው፣ ማገዶ የለም፣ ጭስ የለም። ሊጡን ዘርግቼ ቆምኩ። ዳሩ ሲነሳ አየሁ፣ አልነካሁትም። መሐሉ ላይ ያለው ብልጭታ እስኪጠፋ ጠበቅሁ። ጭስታው ሳሳ፣ የቆሎ ሽታ መጣ። እጄን ዘርግቼ ገፋ ሳደርገው እንደ ሰሌን ሄደ። አክስቴ ምንም አላለችም፤ ሰፌዱን ብቻ አቀበለችኝ።